በመጀመሪያው መልእክት ደመወዝ ሲጠይቋችሁ

ደሴ ላይ የሥራ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ከግርጌው «ደመወዝ፦ በስምምነት» ይላል። ስምምነቱም የሚመጣው ከፈተናና ከቃለ መጠይቅ በኋላ ነው። አሜሪካ ግን ገና ማንም ሳያያችሁ፣ በመጀመሪያው አጭር መልእክት ላይ ስንት እንደምትጠብቁ ትጠየቃላችሁ።

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ስድስት ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ከሠራች በኋላ ሜሪላንድ ገባች። ጥያቄው ሲደርሳት «በወር 3,000 ዶላር» ብላ ጻፈችና ከመላኳ በፊት ደሴ ላለሁት ለእኔ አሳየችኝ። ለኪራይና ለቀለብ የሚበቃትን ደምራ ያገኘችው ቁጥር ነው፤ ወደ ብር ስትመነዝረውም ብዙ መስሏታል። አልፈረድኩባትም፤ እኛ ደመወዝ ስንባል የምናስበው በወር እጃችን የሚገባውን የተጣራ ገንዘብ ነው። እዚያ ያለችው መልማይ ግን የምታስበው ግብር ያልተቀነሰበትን የዓመት ደመወዝ ነው። 3,000 በ12 ሲባዛ 36,000 ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ደግሞ ከ52,000 እስከ 64,000 ነበር! እንዲህ ዝቅ ያለ ቁጥር ያየ ቀጣሪ በርካሽ አገኘኋት ብቻ አይልም፤ ሥራውን በእርግጥ ታውቀው ይሆን ብሎም ይጠራጠራል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስታወቂያውን መልሳችሁ አንብቡ። ሜሪላንድ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀጣሪ የደመወዙን መነሻና ጣሪያ በማስታወቂያው ላይ መግለጽ አለበት። የቀድሞ ደመወዛችሁን መጠየቅም አይፈቀድለትም። ኮምቦልቻ ላይ በብር ይከፈላችሁ የነበረውን እናንተም አታንሡት፤ በዶላር ሲመነዘር ዋጋችሁን ከማውረድ በቀር የሚሠራው ነገር የለም። ደመወዙ በሰዓት ከተጻፈ በ2,080 አባዙት፤ በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው የዓመት ሰዓት ነው።

ቁጥሩን ስትመርጡ አንድ ነገር አትርሱ፦ «ከዚህ እስከዚህ» ካላችሁ ቀጣሪው የሚይዘው ታችኛውን ነው። ስለዚህ ታችኛው ቁጥር ቢሰጣችሁ ሳትቆጩ የምትቀበሉት ይሁን። የስድስት ዓመት ልምድ ያላት ልጅ ከ52,000 የምትጀምርበት ምክንያት የለም። ከ64,000 በላይ ብትልም መልማይዋ ከተመደበላት በጀት ስለሚወጣ ውይይቱ ሳይጀመር ሊዘጋ ይችላል። የመረጥነው ከ58,000 እስከ 62,000 ነው። በእንግሊዝኛ የላከችው ሐሳብ ይህ ነበር፦

«ስለ መልእክትዎ አመሰግናለሁ። በማስታወቂያው ላይ የተገለጸውን ደመወዝ አይቻለሁ። ካለኝ የስድስት ዓመት የሒሳብ ሥራ ልምድ አንጻር ግብር ሳይቀነስ በዓመት ከ58,000 እስከ 62,000 ዶላር እጠብቃለሁ። የሥራውን ዝርዝርና የጤና መድንን ጨምሮ ጥቅማ ጥቅሞቹን ካወቅሁ በኋላ ልንነጋገርበት እንችላለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትዝለሏት። የጤና መድን ወጪውን ቀጣሪው ከሸፈነው 58,000 ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ከደመወዛችሁ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ያው ቁጥር ያንሳል። ደመወዝ ያልገለጸ ማስታወቂያ ከገጠማችሁ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት «ለዚህ ሥራ የተመደበው ደመወዝ ከስንት እስከ ስንት ነው?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። እዚያ ይህ የተለመደ ጥያቄ ነው፤ እንደ ድፍረት የሚያየው የለም።