ያገለገለ ሞተር ለዴሊቨሪ ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለዴሊቨሪ ሞተር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱ ብራንድ ይሻላል?" ብሎ ነው። መልሱም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ሆንዳ ያለው ሆንዳ ይላል፣ ቦክሰር ያለው ቦክሰር ይላል። እኔ ግን ብራንዱን ሁለት ነገር ይምረጠው ባይ ነኝ፦ ሲበላሽ ዕቃው በስንት ቀን እጃችሁ ይገባል፣ እና በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ችግሩ ሁለቱንም የምንጠይቅበት መንገድ ላይ ነው።

ስህተት 1፦ "መለዋወጫ አለው?" ብሎ መጠየቅ

ይህን ሻጩን ከጠየቃችሁት "ሞልቷል!" ይላችኋል። ደላላውም እንደዚያው። ደግሞ አልዋሹም፤ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ካቴና ለማንኛውም ሞተር አይጠፋም። ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው ኋላ የሚቸገረው። ሥራ የሚያስቆሙት ዕቃዎች ሌሎች ናቸው፦ የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ሲዲአይ፣ ባትሪ የሚሞላው የውስጥ ጥቅልል፣ ካርቡራተር፣ ፒስተን ከነፋሻው፣ ኢንጀክሽን ከሆነ ደግሞ የነዳጅ ፓምፑ።

ስለዚህ ሞተሩን ከማየታችሁ በፊት ዕቃ ቤት ሂዱ። ሁለት ሦስት ቦታ ግቡና ሞዴሉንና የተመረተበትን ዓመት ተናግራችሁ እነዚህን ዕቃዎች አንድ በአንድ ጠይቁ። "ይመጣል" የሚለውን መልስ "የለም" ብላችሁ መዝግቡት። "አለ" ካላችሁ አውጥቶ ያሳያችሁ፤ ኦርጅናል ነው ወይስ ኮፒ፣ የሁለቱንም ዋጋ ጠይቁ። ከሦስቱ ቤት አንዱም ሲዲአይ መደርደሪያው ላይ ከሌለው፣ የብራንዱ ስም ምንም ያህል ቢገን ለእናንተ ሥራ አይሆንም።

ስህተት 2፦ የብራንድ ስም አንድ ከሆነ ዕቃውም አንድ ነው ማለት

ባጃጅ ቦክሰር (ባለሁለት እግሩን ነው የምላችሁ) ባለ 100ም ባለ 150ም አለ። ስማቸው አንድ ነው፣ የአንዱ ፒስተን ግን ለሌላው አይሆንም። ያማሃ ዋይቢአር 125 በካርቡራተርም በኢንጀክሽንም ተሠርቷል፤ የአንዱን የነዳጅ ክፍል ለሌላው መግጠም የማይታሰብ ነው። "ዋይቢአር ዕቃው በሽ ነው" ያላችሁ ሰው የትኛውን እንደነዳ ጠይቁት።

ተቃራኒውም አለ። ሆንዳ በ1976 ሲጂ 125ን ያወጣው ጥገና ለማያዘወትር ሰው እንዲሆን አድርጎ ነው፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው በዘንግ ስለሆነ ላይ ድረስ የሚወጣ የታይሚንግ ካቴና የለውም። ያንን ሞተር ብዙ የቻይና ፋብሪካዎች ገልብጠው ሠሩት። ስለዚህ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት ሞተር ሳይክል ውስጡ ሲጂ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የሞተሩ ዕቃ ከታዋቂው ብራንድ በቀለለ ይገኝለታል። እንዴት ታውቃላችሁ? በብዙዎቹ የቻይና ሞተሮች ላይ ከሞተር ቁጥሩ ጋር የተቀረጸ ኮድ አለ፣ ለምሳሌ 156FMI ወይም 162FMJ። የመጀመሪያው 1 ባለ አንድ ሲሊንደር ማለት ነው፣ ቀጥሎ ያለው 56 ወይም 62 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ መጨረሻ ያለው I ለ125 እና J ለ150 ነው። ኮዱን ጽፋችሁ ዕቃ ቤት ውሰዱት። ግን ኮዱ ብቻውን አይበቃም፤ ቫልቩ በዘንግ ይሁን በካቴና ተመሳሳይ ኮድ ሊይዝ ስለሚችል መካኒክ ያረጋግጥላችሁ። ደግሞ ሲጂ መሆኑ ሞተሩን ብቻ ነው የሚያድነው። ታንከሩ፣ ኪሎሜትር ቆጣሪው፣ የመብራት ገመዱ የየፋብሪካው የራሱ ነው፤ እነሱን ለብቻ ጠይቁ።

ስህተት 3፦ ነዳጅ ቆጣቢውን ከመለዋወጫው ለይቶ ማስላት

ሁለት ሞተር ቀረበላችሁ እንበል። አንዱ ኢንጀክሽን ነው፣ በሊትር 50 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሌላው ባለ ካርቡራተር ሲጂ ነው፣ 40 ይሄዳል። በቀን 120 ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ፣ በወር 26 ቀን ትሠራላችሁ፣ ድምሩ 3,120 ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያው 62 ሊትር ገደማ ይበላል፣ ሁለተኛው 78። ልዩነቱ 16 ሊትር የማይሞላ ነው። ጥሩ ነው፣ አይናቅም።

አሁን የቀን የተጣራ ገቢያችሁን በነዳጅ ዋጋ አካፍሉት። 6 ሊትር ሆነ እንበል። የመጀመሪያው ሞተር የነዳጅ ፓምፕ ተቃጥሎ ዕቃው እስኪመጣ 10 ቀን ብትቆሙ 60 ሊትር ከሰራችሁ ማለት ነው፤ ወደ አራት ወር የሚጠጋ ቁጠባ በአንድ ብልሽት ሄደ፣ የፓምፑን ዋጋ ሳንጨምር። ፓምፑ መደርደሪያ ላይ ካለና በማግስቱ ሥራ ከገባችሁ ግን ኢንጀክሽኑ ከሲጂው ይሻላችኋል። "ኢንጀክሽን አትግዙ" የሚለውን ምክር የማልቀበለው ለዚህ ነው። የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ አስሉት።

ስህተት 4፦ የነዳጅ ፍጆታን ከሰው አፍ መውሰድ

"በሊትር 60 ይሄዳል" የሚላችሁ ሰው ምናልባት ባዶ ሞተር በቀጥታ መንገድ ቀስ ብሎ ነድቶ ነው። ዴሊቨሪ ቆም፣ ተነሳ፣ ከኋላ ንፋስ የሚይዝ ሳጥን ነው። ሻጭ ደግሞ ታንክ ሙሉ ነድታችሁ እንድትመልሱ አይፈቅድም።

ባለ ካርቡራተር ከሆነ መካኒኮች የሚያደርጓት ነገር አለች። የታንከሩን መስመር ዘግተው 200 ሚሊ ሊትር ቤንዚን የተለካበት ትንሽ ዕቃ ከካርቡራተሩ ቱቦ ጋር ያገናኛሉ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ በደንብ ይታሰራል፣ እስኪያልቅ ትነዳላችሁ። ርቀቱን በስልክ ለኩ፤ ያረጀ ቆጣሪ ወይም የተቀየረ የጎማ ቁጥር ያሳስታችኋል። ሲቆም 8.3 ኪሎ ሜትር ሄዶ ከሆነ በ5 አባዙት፣ 41.5 ነው። ቤንዚን ስለሆነ ይህን መካኒክ ይሥራው፣ እናንተ አትሞክሩት። ኢንጀክሽን ላይ ፓምፑ በግፊት ስለሚሠራ ይህ አይሆንም፤ እሱን አፉ ድረስ ሞልቶ፣ ነድቶ፣ እንደገና እዚያው ድረስ መሙላት ነው መፍትሔው። ለዚያ ከሻጩ ጋር መስማማት አለባችሁ።

ቁጥሩ ዝቅ ካለ ወዲያው ብራንዱን አትኮንኑ። በመሀል መቆሚያው አቁሙትና ዜሮ ማርሽ ላይ የኋላ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩት፤ ቶሎ ከቆመ ፍሬኑ ይዟል ወይም ካቴናው ከልክ በላይ ተወጥሯል። ካንዴላውን ፍቱት፤ ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ካለው ነዳጅ እየበዛበት ነው፣ ምክንያቱ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ ሊሆን ይችላል። እነዚህ በትንሽ ወጪ ይስተካከላሉ፤ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅሟችኋል። ካንዴላው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ሆኖ፣ ጎማውም በነፃ እየዞረ አሁንም የሚጠጣ ከሆነ ግን ወይ ሞተሩ ደክሟል ወይ ተፈጥሮው ነው።

ስህተት 5፦ ሲሲ ሲበዛ ይሻላል ብሎ ማሰብ

ከባድ ጭነትና ዳገት ካልበዛባችሁ ከ100 እስከ 125 ይበቃል። ዳገት ከሆነ ግን ትንሿን ሞተር ቀኑን ሙሉ በከፍተኛ ዙር ማስጮህ ቁጠባውን ያጠፋዋል፣ ያኔ 150 ውሰዱ።

ስህተት 6፦ የተቀየረ ሞተር አለማየት

ባለቤቱ የድሮው ሞተር ሲደክምበት ሌላ ብራንድ ሞተር ገጥሞበት ሊሆን ይችላል። ታንከሩ ላይ ያለው ስም ያው ነው፣ እናንተም በዚያ ስም ዕቃ ቤት ስትዞሩ ትከርማላችሁ። የሞተር ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ የዕቃ ፍለጋውን በተገጠመው ሞተር እንደገና ጀምሩት፤ ለውጡ በሕጋዊ መንገድ ሰነዱ ላይ ካልሰፈረ ደግሞ በዋጋውም አትደራደሩ፣ ትታችሁት ሂዱ።