ለእጅ ሥራ የጥሪ ካርድ ቀለምና ወረቀት ሲመረጥ የሚፈጸሙ ስህተቶች

በአማርኛ የምንጽፍበት ፈሳሽም ሆነ ቀይ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ የምንለው መልክ አንድ ስም አላቸው፤ ሁለቱም ቀለም ናቸው። የጥሪ ካርድ በእጅ ሲዘጋጅ ግን ሁለቱን ለይቶ ማሰብ ያስፈልጋል፤ በብልቃጡ ወይም በእስክሪብቶው ላይ የሚታየው መልክ ወረቀቱ ላይ ካረፈ በኋላ ከሚታየው መልክ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምምና።

የመጀመሪያው ስህተት ቀለሞችን በስማቸው ልዩነት ብቻ መምረጥ ነው። ቀይ ጽሑፍ በአረንጓዴ ወረቀት ላይ በሐሳብ ደረጃ ጎልቶ የሚታይ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱ በፍካታቸው ተቀራራቢ ከሆኑ የፊደሎቹ ጠርዝ ለዓይን የሚንቀጠቀጥ ይመስላል፣ ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚቸገር እንግዳ ደግሞ ጽሑፉን ከወረቀቱ መለየት ሊያቅተው ይችላል። ጽሑፍን እንዲነበብ የሚያደርገው ከሁሉ በፊት የአንዱ መጥቆርና የሌላው መፍካት ነው። ይህንን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በመረጡት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጽፎ በስልክ ፎቶ ማንሳትና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ ነው። ጽሑፉ ከወረቀቱ ጋር ተመሳስሎ ግራጫ ከሆነ፣ ጥንዱ ምንም ያህል ቢያምር አይሆንም።

ሁለተኛው፣ እኔም የወደቅሁበት ስህተት፣ ሙሉውን ጽሑፍ በወርቃማ ቀለም መጻፍ ነው። ለእህቴ ልጅ ሠርግ 80 ካርዶችን በክሬም ወረቀት ላይ በወርቃማ ጄል እስክሪብቶ ጻፍሁ፤ በጠረጴዛዬ ላይ አጎንብሼ ሳየው ጽሑፉ ደማቅ ቡናማ መስሎ ይነበብ ነበር። አንዱን ካርድ ለእናቴ ስሰጣት ግን ወደ መስኮቱ ዞራ ያዘችውና “ስማቸውን አየሁት፤ ሰዓቱ የት አለ?” አለችኝ። ወርቃማ ቀለም ብርሃን የሚያንጸባርቁ ደቃቅ ቅንጣቶች ስላሉት ከአንድ አቅጣጫ ሲታይ ይጠቁራል፣ ከሌላ አቅጣጫ ሲታይ ይፈካል፤ በፈካበት አቅጣጫ ደግሞ ከክሬም ወረቀት የሚለየው ነገር የለም። በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ለሩቅ ዘመድ ሲላክማ ይብሳል። ወርቃማ ቀለም የሚሠራው በጥቁር ሰማያዊ ወይም በወይን ጠጅ ወረቀት ላይ ነው፤ በፈካ ወረቀት ላይ ከተፈለገ ግን ጎላ ብለው ለሚጻፉት ለሙሽሮቹ ስም ብቻ ቢውል ይሻላል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ልማድ ለዚህ ጥሩ አብነት ይመስለኛል፤ የጽሑፉን አካል በጥቁር ይጽፋሉ፣ ቀዩን ለቅዱሳት ስሞችና ለመክፈቻ መስመሮች ያቆዩታል።

ሦስተኛው ስህተት ባለቀለም ወረቀት የጽሑፉን መልክ እንደማይለውጥ ማሰብ ነው። አብዛኛው የእስክሪብቶ ቀለም ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ ከሥሩ ያለው ወረቀት በውስጡ ይታያል፤ ስለዚህ ሰማያዊው በቢጫ ወረቀት ላይ ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ በጥቁር ወረቀት ላይ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ለጥቁር ወረቀት ብርሃን የማያሳልፍ ነጭ ጄል ያስፈልጋል፤ እርሱም ሲደርቅ ሊሳሳ ስለሚችል፣ ከደረቀ በኋላ በላዩ ደግሞ መጻፍ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ።

ለግዕዝ ፊደል ልዩ ጥንቃቄ የሚሻው የቀለም መስፋፋት ነው። ለስላሳና ቀለም መጣጭ ወረቀት ላይ ውሃማ ቀለም በቃጫው ውስጥ ይሰራጫል፤ በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚደፈነው እንደ ቤ፣ ሴ እና ሜ ባሉት የኃምስ ፊደላት እግር ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ቀለበቷ ስትደፈን ቤ ከቢ፣ ሴ ከሲ አይለይም፤ የሰው ስምና የሰፈር ስም የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ካርዱን ከመቁረጥ በፊት በቁራጩ ላይ “ቤ ቢ ሴ ሲ” ብሎ በትክክለኛው የፊደል መጠን መጻፍና ሲደርቅ ማየት ይገባል። ቀለበቷ ከተደፈነች ጫፉ ቀጠን ያለ እስክሪብቶ መሞከር፣ ካልሆነም ወረቀቱን መቀየር ነው፤ ቀለሙን ማጥቆር ብቻውን አይፈታውም።

የመጨረሻው በቀን ብርሃን ብቻ መፈተን ነው። ቢጫ መብራት በክሬም ወረቀትና በፈካ ብርቱካናማ ጽሑፍ መካከል ያለውን ልዩነት ያጠብባል፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዓይንም ደብዘዝ ያለ ጽሑፍን ለማንበብ ይበልጥ ይቸገራል። ናሙናውን ማታ በሳሎን መብራት ሥር፣ ክንድን ዘርግቶ ይዞ ማንበብ ይበቃል።

በእኔ ካርዶች ላይ የሙሽሮቹን ስም በወርቃማው ተውሁት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ግን በጥቁር ቡናማ ቀለም በሌላ የክሬም ወረቀት ቁራጭ ላይ ጽፌ በነበረው መስመር ላይ ለጠፍሁት። እናቴ ካርዱን በዚያው መስኮት አጠገብ ይዛ ሰዓቱን አነበበችልኝ።