ሽቶ በፎቶ ስትገዙ መጀመሪያ ቂጡን አስነሱ

ደብረ ማርቆስ ሆናችሁ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ሽቶ የምታዝዙ፣ ብር ከመላካችሁ በፊት የካርቶኑንና የጠርሙሱን ቂጥ አንድ ላይ ፎቶ አስነሱ። የምትፈልጉት ረጅሙን ባርኮድ ሳይሆን ባች ኮድ የሚባለውን ነው፤ የተመረተበትን ዙር የሚያሳይ አጭር ቁጥር ወይም የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ነው። ለምሳሌ ካርቶኑ 4R01፣ ጠርሙሱ 4R07 ካለ ተዉት። ቢገጥም ግን ገና አላለቀም፤ አስመሳዮች የእውነተኛውን ኮድ ገልብጠው ያትማሉ።

ስለዚህ ክዳኑን ከፊትና ከጎን በቅርብ አስነሱ። ዋናው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ዙሪያውን ያለው ክፍተት እኩል ነው። በአንድ ወገን ከፍ ካለ ወይም የፕላስቲክ መገጣጠሚያ መስመር ጎልቶ ከታየ ተጠራጠሩ። ለመሞከሪያ የተዘጋጀው ቴስተር ግን ያለ ክዳንም ሊመጣ ስለሚችል ክዳን ማጣቱ ብቻውን አያስኮንነውም።

ያልተከፈተ ከሆነ የጠርሙሱ ኮድ አይታይም። ያኔ የላስቲኩን ጫፍ በጎን ብርሃን አስነሱ፤ እጥፋቱ እንደ ፖስታ ጠርዝ የተስተካከለና ካርቶኑን አጥብቆ የያዘ መሆን አለበት። የተሸበሸበ፣ የላላ ወይም ሙጫ የፈሰሰበት ከሆነ በእጅ እንደገና ታሽጓል ማለት ይሆናል። አንዳንድ ዋና ሽቶ ያለ ላስቲክም ይሸጣል፤ እንዲያ ከሆነ ወደ ኮዱና ወደ ክዳኑ ተመለሱ።