ዝናቡ መሬት ከገባ በኋላ የት ይሄዳል? በጠርሙስ የሚሠራ የ40 ደቂቃ ትምህርት

የውሃ ዑደትን ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል ልጆች ስታስተምሩ ትነቱ፣ ደመናውና ዝናቡ ብዙም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ዝናቡ መሬት ከነካ በኋላ ያለው ነው። ክፍለ ጊዜውን እዚያ ላይ አውሉት።

መጀመሪያ ወረቀት ስጧቸውና የጉድጓድ ውሃ ከመሬት በታች ምን እንደሚመስል ይሳሉ። ብዙዎቹ ሐይቅ ይስላሉ። አታርሟቸው፤ ወረቀቱን ብቻ ሰብስቡ።

ቀጥሎ አንድ ሊትር የሚይዝ ጆግ በደረቅ ጠጠር ጢም አድርጉና «ሞልቷል?» በሏቸው። «አዎ!» ይላሉ። ከዚያ ውሃ እየለካችሁ ጨምሩበት። 400 ሚሊሊትር ገደማ ይገባል። የከርሰ ምድር ውሃም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው፤ በጠጠርና በአሸዋ መሃል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ዋናው። የባለ ሁለት ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገት ቁረጡ። ከታች ሦስት ጣት ያህል ጠጠር አድርጉ። ጫፉ በሻሽ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ጠጠሩ ውስጥ አቁሙ፤ ጉድጓዳችን እሱ ነው። ከላይ አንድ ሊትር አሸዋ ሙሉ። አሸዋው ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ የደረቀ ይሁን። እኔ አንዴ እርጥቡን ይዤ ገብቼ የመጀመሪያው ውሃ ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ትምህርቱም አብሮ ገደል ገባ።

ክዳኑን በመርፌ በበሳችሁት ጠርሙስ «ዝናብ» አዝንቡ። ውሃው ቀይ የምግብ ቀለም ይኑረው። በአንድ ጊዜ 50 ሚሊሊትር ብቻ፣ ቀስ እያላችሁ፣ በሁሉም በኩል። በመጀመሪያው ዙር አሸዋው ይርሳል እንጂ ታች ጠብ የሚል ነገር አይኖርም። «የት ጠፋ?» ይላሉ። መልሱን አትቸኩሉ፤ ደጋግማችሁ አዝንቡ። ከጥቂት ዙር በኋላ ጠጠሩ መሃል ውሃ ብቅ ይላል። ከፍታውን በየዙሩ በማርከር አስምሩ።

ይህን ጊዜ አስረዷቸው፦ ደረቅ አፈር መጀመሪያ ለራሱ ይጠጣል። ከዚያ ላይ ሥር ይመጠዋል፣ ፀሐይም ወደ አየር ትመልሰዋለች። ወደ ታች ወርዶ የከርሰ ምድሩን ውሃ የሚተካው አፈሩ ከጠገበ በኋላ የተረፈው ነው። በጠርሙሱ ደቂቃዎች የፈጀው ጉዞ በእውነተኛው መሬት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል።

ቀጥሎ አሸዋው ላይ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው የሸክላ ጭቃ አንጥፉና እንደገና አዝንቡ። ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል። በጠርሙሱ ጠርዝ ሾልኮ ከወረደ ጭቃው በደንብ አልተያያዘም፤ ዙሪያውን በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉት።

በመጨረሻ አንድ ልጅ በስሪንጅ ከቱቦው ውሃ ይሳብ። ውሃው ከምልክቱ በታች ሲወርድ ሁሉም ያያል። ጭቃውን አንሱ፣ አፉን በስስ ፕላስቲክ ሸፍኑና ፀሐይ ላይ አቆዩት። በማግስቱ ፕላስቲኩ ሥር ጠብታዎች ታገኛላችሁ። ቀለም የላቸውም፤ የሚተንነው ውሃው ብቻ ነዋ።

ያኔ ሥዕሉን እንደገና ይሳሉ። ሐይቁን ትቶ በጠጠሮቹ መሃል ውሃ የሳለ ልጅ ገብቶታል። ዝናቡን ቀጥታ ከጉድጓዱ ጋር ያገናኘውን ግን የመጀመሪያው 50 ሚሊሊትር የት እንደቀረ ጠይቁት።