መብራት ሲሄድ በራችሁ ይከፈታል ወይስ ይቆለፋል?

ካዛንቺስ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቢሮ ነው። ጠዋት የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ስትደርስ ዋናው በር ገርበብ ብሎ አገኘችው። የተሰበረ ነገር የለም። ሌሊቱን መብራት ሄዶ ነበር፤ የሕንፃው ጄኔሬተር ደግሞ ማታ አይነሳም። ጥበቃው "ልጄ፣ ማንም አልነካውም፤ በሩ ራሱ ነው የለቀቀው" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

መብራት ሲሄድ በሩ ይለቃል

እዚያ በር አናት ላይ የተገጠመው ማግኔት ነው። ማግኔት በሩን የሚይዘው ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያጣ የሚከፈት ቁልፍ ፌይል ሴፍ ይባላል። ኤሌክትሪክ ሲያጣ ተቆልፎ የሚቀረው ደግሞ ፌይል ሴክዩር ነው። ስትራይክ የሚባለው፣ በበሩ ፍሬም ውስጥ ተቀብሮ የቁልፉን ምላስ የሚይዘው ብረት፣ በሁለቱም ዓይነት ይሸጣል። መልካቸው አንድ ስለሆነ በዓይን አይለዩም። ስትገዙ እዚያው ሱቅ 12 ቮልት አስሰጥታችሁ እዩት። ኤሌክትሪኩ ሲነቀል የስትራይኩ ከንፈር ከላላ ፌይል ሴፍ ነው።

"ባትሪ አለው እኮ!" አሉኝ። አለው፤ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት። መብራት እያለ ስለካው 13.6 አሳየ። ግን ይሄ የቻርጀሩ ቮልት ነው፣ የባትሪው አይደለም። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ ማግኔቱ በባትሪ እየሠራ እንደገና ለካሁት። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከ10.5 በታች ወረደ። ባትሪው አልቋል። ብዙ ቢሮ ውስጥ ይህን ፈተና የሞከረው ሰው የለም፤ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

አዲስ ባትሪ ብቻ ብንቀይርስ? ማግኔቱ ቀን ከሌት ግማሽ አምፔር ገደማ ይበላል። 7 ለግማሽ ሲካፈል በወረቀት 14 ሰዓት ነው፣ በተግባር ያንሳል። ዓርብ ማታ መብራት ከሄደ ቅዳሜን አያድርም። ስለዚህ ማግኔቱን አንስተን ፌይል ሴክዩር ስትራይክ ገጠምን። እሱ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ካርድ ሲነካ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው።

ሽቦው ላይ አንድ ነገር አትርሱ። ማግኔቱ የካርዱ መቆጣጠሪያ ላይ ኤንሲ ከሚለው፣ ካርድ እስኪነካ ድረስ ኤሌክትሪክ ከሚያሳልፈው ነጥብ ጋር ነበር የታሰረው። ፌይል ሴክዩር ስትራይክ ግን ካርድ ሲነካ ብቻ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፈው፣ ኤንኦ በሚለው ነጥብ ላይ ነው የሚታሰረው። ሳይቀየር ከቀረ በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ፣ ካርድ ሲነካ ብቻ ይቆለፋል። ስትራይኩም ይግላል።

"ተቆልፎ ከቀረ፣ እሳት ቢነሳ ውስጥ ልንቀር ነው?"

የቢሮው ኃላፊ የጠየቀችኝ ይህን ነው፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ፌይል ሴክዩር የሚቆልፈው ከውጭ በኩል ነው። ከውስጥ ያለው እጀታ ምላሱን ራሱ ስቦ ያወጣዋል፣ ከኤሌክትሪክ ጋር ጉዳይ የለውም። መብራት ኖረም አልኖረም፣ እጀታውን የጫነ ሰው ይወጣል።

አደጋው ያለው ከውስጥም በቁልፍ ወይም በሚጫኑት የመውጫ አዝራር ብቻ የሚከፈት በር ላይ ነው። ብሬከሩን አጥፉና ከውስጥ ለመውጣት ሞክሩ። ካልወጣችሁ፣ ያ በር ፌይል ሴክዩር መሆን የለበትም፤ ወይ እጀታ ይግባለት፣ ወይ ፌይል ሴፍ ይሁን። ይህን ለነገ አታሳድሩት። ፍሬም የሌለው የመስታወት በር ስትራይክ ስለማይቀበል ማግኔቱ ይቆያል። እሱ ላይ ጥሩ ባትሪ ይታሰር፣ ማታ ደግሞ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ ታች በኩል ተራ ቁልፍ ይዘጋ።

መብራት ሲሄድ ከውጭ መግባት አይቻልም

በሩ ፌይል ሴክዩር ሆኖ ባትሪውም ካለቀ ካርድ አይከፍተውም። እዚያ ቢሮ የውጭው እጀታ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ እንዲኖር አድርገናል። አንዱ ቁልፍ ኃላፊዋ ጋ፣ ሌላው ታች ጥበቃው ጋ ታሽጎ ይቀመጣል።

ስማርት ሎክስ?

ለአፓርታማ በር የምመክረው እሱን ነው። አብዛኛው በአራት ደብል ኤ ድንጋይ ስለሚሠራ የመብራት መሄድ አይነካውም። ድንጋዩ ሲያልቅ ግን ከውጭ ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ሳትገዙ ከታች በኩል እዩት፦ የ9 ቮልት ድንጋይ የሚነካበት ሁለት ነጥብ ወይም የዩኤስቢ ቀዳዳ አለው? የብረት ቁልፍስ ይቀበላል? ሁለቱም ከሌሉት አትግዙት። የብረት ቁልፉንም ቤት ውስጥ አትተዉት፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ ጋ ይቀመጥ።