ለአነስተኛ የብሎግ ቡድን የአጻጻፍ መመሪያ እንዴት ይዘጋጃል?

መመሪያውን ከባዶ ወረቀት አትጀምሩ። ቡድኑ በቅርብ ያወጣቸውን 10 ጽሑፎች አንድ ላይ አድርጉና አንድ ነገር በሁለት ዓይነት የተጻፈበትን ቦታ ሁሉ አስምሩበት። ያገኛችሁትን በሦስት ዓምድ አስፍሩት፦ ቃሉ፣ የተገኘበት አጻጻፍ፣ የተመረጠው አጻጻፍ። ማንም ያልተሳሳተበትን ነገር መደንገግ ወረቀት ማብዛት ነው፤ ከሁለት ገጽ ያለፈ መመሪያ ደግሞ ማንም ከፍቶ አያየውም።

አብዛኛው መስመር የሚያርፈው ፊደል ላይ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል እንይ። የመጀመሪያው ድምፅ በጸ ወይም በፀ፣ ሁለተኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል። ሲባዛ 12 አጻጻፍ ይሆናል፣ ሲነበብ ግን ሁሉም አንድ ነው። ለኮምፒውተር እያንዳንዱ የተለየ ፊደል ስለሆነ ገጹ ላይ Ctrl+F ተጭኖ «ጸሀይ» የሚል አንባቢ «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም።

መፍትሔው ሁለት ጫፍ አለው። አንዱ የግዕዙን ሥር መከተል ነው፤ ያምራል፣ ነገር ግን መዝገበ ቃላት አጠገቡ የማያስቀምጥ ጸሐፊ በሳምንቱ ይስታል። ሌላው ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ወደ አንድ ማጠቃለል ነው፤ ይቀላል፣ ግን «አለም» እና «ሰአት» ዓይኑን የሚቆረቁረው አንባቢ ብዙ ነው። ለትንሽ ቡድን የሚያዋጣው መሐሉ ይመስለናል፦ ዓለም፣ ዓመት፣ ሰዓት፣ ፀሐይ፣ ኃይል፣ ሥራን የመሳሰሉ 40 ያህል ቃላት በዝርዝር ይያዙ፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቃል ሁሉ በሀ፣ በሰ፣ በአ እና በጸ ይጻፍ። የሰው ስም ግን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጣል።

የቆዩ ጽሑፎችን ስታርሙ «ሁሉንም ተካ» የሚለውን ቁልፍ አትጫኑ። «አለም»ን በሙሉ ወደ «ዓለም» የቀየረ ሰው «አለምክንያት» የነበረውን «ዓለምክንያት» ያደርገዋል። ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ ቢባል ደግሞ «በአለም» እና «የአለም» ያመልጣሉ፤ ቃሎቻችን ከፊታቸው ይቀጥላሉና። አንድ በአንድ እያዩ መተካት ጊዜ ቢወስድም ሌላ መንገድ የለውም።

ቀጥሎ አንባቢውን ምን ብላችሁ እንደምትጠሩት ወስኑ። «አንተ» ሴቷን ያስቀራል፣ «እርስዎ» ያከብራል ግን ያርቃል፣ «እናንተ» ሁለቱንም ጾታ ይይዛል። ስሕተቱ የሚፈጠረው ተውላጠ ስሙ ላይ ሳይሆን ግሱ ላይ ነው፦ «ዱቄቱን ይንፉ፣ ከዚያ ውሃ ጨምር» የሚል ዓረፍተ ነገር በእርስዎ ጀምሮ በአንተ ያልቃል። ስለዚህ መመሪያው ላይ «እናንተ» ብላችሁ ብቻ አትተዉት፤ «ንፉ፣ ጨምሩ፣ አቡኩ» ብላችሁ ግሱን ጻፉ። ስለ ሦስተኛ ሰውም «አለ» ነው ወይስ «አሉ» የሚለው እዚሁ ይወሰን። ሙሉ ስሙ አንዴ ከተጠቀሰ በኋላ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፣ በአባቱ ስም አይደለም፤ ከእንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ጸሐፊዎች ግን በአባት ስም መጥራት ያዘወትራሉ።

ቅርጹ ላይ ሦስት ነገር ይበቃል። አራት ነጥብ «።» አንድ ምልክት ነው፤ ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት የሚሠራው «፡፡» ግን ለኮምፒውተር ሁለት ምልክት ነው። ዓመት ያለ «ዓ.ም.» ወይም ያለ «እ.ኤ.አ.» ብቻውን አይቁም፤ ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ አንባቢ ገምቶ አያርመውም። ሰዓትም «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ይባል፤ ውጭ አገር ያለ አንባቢ «3:00»ን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚያነበው አይታወቅም።

ርዕስ ላይ አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው፦ ዋናው ቃል የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ የስልክ ስክሪን ደግሞ የሚቆርጠው መጨረሻውን ነው። «የጤፍ ዱቄትን ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ለማቆየት የሚያስችሉ ማወቅ የሚገባዎት ጠቃሚ ዘዴዎች» ቢቆረጥ የሚቀረው «የሚያስችሉ ማወቅ» ላይ የተንጠለጠለ ሐረግ ነው። «የጤፍ ዱቄት እንዳይበላሽ እንዴት ይቀመጣል?» ግን 5 ቃል ነው። ጣሪያውን 8 ቃል አድርጉት፤ ጉዳዩ የሚጠራበት ስም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቃላት ውስጥ ይግባ፤ «በተመለከተ»፣ «ማወቅ የሚገባዎት» እና «ጠቃሚ» ርዕስ ላይ አይፈቀዱም።

ረቂቁን ለመፈተን አንድ ያልታረመ ጽሑፍ ለሁለት ሰው ስጡና መመሪያውን ብቻ እያዩ ለየብቻ ያርሙት። እርማታቸው የተለያየበት ቦታ ሁሉ መመሪያው ያልተናገረበት ወይም ሁለት ትርጉም የሰጠበት ነው። እዚያው ሙሉትና ከዚያ በኋላ ለሚነሳው ክርክር የመጨረሻ ቃል የሚሰጥ አንድ ሰው ሰይሙ፤ የወሰነውንም በዚያው ቀን ዝርዝሩ ላይ ይጨምረው።