ኔትወርክ ድንገት ሲጠፋ፦ የሲም ቅያሪ ማጭበርበርን ለይቶ ቴሌብርን ማዳን

ምልክቱ

ስልካችሁ በርቷል፣ ኔትወርኩ ግን የለም። ለአደጋ ጊዜ ጥሪ ብቻ እንደሚሠራ ይነግራችኋል። ዋይፋይ ካለ ኢንተርኔቱ ስለሚቀጥል ብዙ ሰው ለሰዓታት ልብ አይለውም። ከዚያ በፊት ያልጠየቃችሁት የማረጋገጫ ኮድ በኤስኤምኤስ ገብቶ ከነበረ የበለጠ ተጠራጠሩ።

ኔትወርክ በሌላ ምክንያትም ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ አጠገባችሁ ያለ፣ የእናንተኑ ኔትወርክ የሚጠቀም ሰው ስልክ እዩ። የእሱም ከጠፋ ችግሩ የአካባቢው ነው። የእሱ እየሠራ የእናንተ ብቻ ከጠፋ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩት። ካልተመለሰ በሰውየው ስልክ ወደ ራሳችሁ ቁጥር ደውሉ። የእናንተ ስልክ ዝም ብሎ ጥሪው ወዲያ ማዶ ከጠራ፣ ቁጥራችሁ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው። «ጥሪ አይቀበልም» ቢላችሁ ግን አትረጋጉ። ሌባው ስልኩን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል።

ምክንያቱ

ስልክ ቁጥራችሁ ከሲሙ ጋር የተያያዘው በቴሌኮሙ መዝገብ ላይ ነው። ሲም ሲጠፋብን ያንኑ ቁጥር በአዲስ ሲም የምናወጣው በዚህ ምክንያት ነው። አጭበርባሪው ይህንኑ አሠራር ይጠቀማል። በሐሰተኛ መታወቂያ ወይም ከውስጥ ሰው ጋር ተመሳጥሮ «ሲሜ ጠፋብኝ» ይላል። አዲሱ ሲም ሲሠራ የእናንተው ይሞታል።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ገንዘቡን አያወጣም። የቴሌብር ፒን ያስፈልገዋል። እኔ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ፒኑ የሚሰረቀው አብዛኛውን ጊዜ ከሲሙ በፊት ነው።

ለምሳሌ መርካቶ ልብስ የምትሸጥ አንዲት ነጋዴ እናስብ። ሰኞ አንድ ሰው «ከደንበኞች አገልግሎት ነው» ብሎ ይደውልላታል። ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ ለማረጋገጥ ሙሉ ስምና የትውልድ ዘመንዎን ይንገሩኝ ይላታል። ፒን አይጠይቃትም፣ እሷም ስለዚህ ታምነዋለች። ፒኗ ግን የትውልድ ዘመኗ ነው፣ ከፊትና ከኋላው አንድ አንድ ቁጥር ጨምራበት። ዓርብ አመሻሽ ላይ ሲሟ ይሞታል። ሌባው አዲሱን ሲም ተራ የቁልፍ ስልክ ውስጥ ከትቶ *127# ይደውላል። ፒኑን ሞክሮ ከገባለት ገንዘቡን ወደ ሌላ ሂሳብ ያስተላልፋል። እሷ «ኔትወርኩ ነው» ብላ ቅዳሜ ጠዋት ድረስ ትጠብቃለች።

መፍትሄው

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲም ለማውጣት ይሮጣል፣ በዚያ መሐል ገንዘቡ ይሄዳል። መጀመሪያ ሂሳቡን አሳግዱ። ከሌላ የኢትዮ ቴሌኮም ስልክ 127 ወይም 994 ደውሉና ቁጥሬ ያለፈቃዴ ተቀይሯል፣ ቴሌብሩም ሲሙም ይታገድልኝ በሉ። የባንክ ሂሳብ ከዚሁ ቁጥር ጋር የተያያዘ ከሆነ ባንኩንም ደውላችሁ ንገሩ።

ከዚያ መታወቂያ ይዛችሁ አገልግሎት ማዕከል ሂዱና ቁጥሩን በአዲስ ሲም አውጡ። ያን ጊዜ የሌባው ሲም በተራው ይሞታል። እዚያው ሆናችሁ ፒኑን ቀይሩ፣ የወጣ ገንዘብ ካለ የዝውውሩን ዝርዝር ያዙና ለፖሊስ አመልክቱ። ተቀባዩ ገንዘቡን ጥሬ ካወጣው ማስመለስ እጅግ ይከብዳል። ለዚህ ነው እያንዳንዷ ደቂቃ የምትቆጠረው።

አስቀድሞ ለመከላከል

ሲሙ በራሳችሁ ስም መመዝገቡን ዛሬውኑ አረጋግጡ። በወንድም ወይም በቀድሞ አሠሪ ስም የወጣ ሲም ይዞ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ችግር ሲመጣ ቁጥሩ የእኔ ነው ብሎ ማስረዳት ያቅተዋል።

ፒኑ ከትውልድ ዘመን፣ ከስልክ ቁጥርና ከተከታታይ ቁጥሮች የራቀ ይሁን። ለማንም አይነገርም፣ ደዋዩ ስማችሁን ከነአያታችሁ ቢጠራም። የመታወቂያችሁን ፎቶ ለማታውቁት ሰው አትላኩ። በቴሌብር ላይ ለዕለት የሚበቃውን ብቻ ትታችሁ ሌላውን ባንክ አስገቡ። የሲም መቆለፊያ ፒን ጥሩ ነው፣ ግን የሚጠቅመው ስልኩ ሲሰረቅ ነው። ሌባው አዲስ ሲም ካወጣ አያግደውም።

ቴሌግራማችሁም የሚከፈተው በዚያው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የያዘ ሰው በእናንተ ስም ገብቶ ዘመድ ወዳጃችሁን «ትንሽ ብር ላክልኝ» ሊል ይችላል። Settings ውስጥ ገብታችሁ Privacy and Security፣ ከዚያ Two-Step Verification ን ክፈቱና የይለፍ ቃል አስቀምጡ። ያኔ በኤስኤምኤስ የመጣው ኮድ ብቻውን አያስገባውም።